ባጃጁ አይሱዙ ጀርባ ገብቶ ሌላ ቁጥር ይዞ ይወጣል፣ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ሐዋሳ ውስጥ የአንድ መስቀለኛ መንገድ የካሜራ ቪዲዮ ይዤ፣ ተሽከርካሪው ከየት ገብቶ ወዴት እንደታጠፈ እየቆጠርኩ ነው። የምጠቀመው ዮሎን ከባይትትራክ ጋር ነው። ዝግጁው ሞዴል ባጃጅን አያውቅም፣ መኪና ይለዋል፤ ስለዚህ ራሴ አሰልጥኜዋለሁ፣ መለየቱ ላይ አሁን ችግር የለም።

ችግሩ መከታተሉ ላይ ነው። 10 ደቂቃውን በእጄ ስቆጥር 214 ባጃጅ አገኘሁ፣ ፕሮግራሙ ግን ከመግቢያ እስከ መውጫ ያገናኘው 151 ብቻ ነው። ፍሬም በፍሬም አየሁት። ፕሮግራሙ 41 ቁጥር የሰጠው ባጃጅ መሃል ላይ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ለ4 ሰከንድ ያህል ይጠፋል፣ ሲወጣ 58 ሆኗል፤ የገባው አልወጣም፣ የወጣው አልገባም ማለት ነው።

ቪዲዮው በሰከንድ 15 ፍሬም ስለሆነ፣ ባይትትራክ የጠፋን ተሽከርካሪ የሚጠብቅበት ነባሪው 30 ፍሬም 2 ሰከንድ ብቻ ነው ብዬ ይሄን ቀየርኩ፦

```
track_buffer: 90
```

ቁጥሩ ወደ 183 ወጣ፣ ግን አሁን ደግሞ ከኋላ የመጣ ሌላ ባጃጅ 41ን ይወስድበታል። በመልክ እንዳላዛምዳቸው አብዛኞቹ ቀለማቸው አንድ ነው። የተቆራረጠውን መንገድ በሰዓትና በአቅጣጫ በኋላ መቀጠል ይሻላል ወይስ ካሜራውን ከፍ አድርጎ እንደገና መቅረጽ? የሞከረ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።