ኤስኤምኤስ ቀጠሮ አስይዤ ሌሊት 6 ሰዓት ሄደብኝ፣ አሁን ደግሞ በእናቴ ስልክ እምቢ አለ

ሰላም ናችሁ? ከጅማ ነው የምጽፈው። አጎቴ አጋሮ ቡና ያሰጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ «ጋሼ፣ ቡናውን ገልብጠው» የሚል መልእክት እንዲደርሰው ፈልጌ፣ ማታ ጽፌ መተኛት ነበር ሐሳቤ። አዲስ አፕ መጫን አልችልም፤ ስልኬ ጢም ብሏል።

በእኔ ስልክ ያለው የጉግል Messages ነው። መልእክቱን ጽፌ የመላኪያዋን ቀስት ጫን አድርጌ ስይዛት የሰዓት ምርጫ መጣ። ከታች Pick date and time አለ። 12:00 AM ብዬ ሞላሁ። ጉድ! ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነውና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሄደ። አጎቴ ደንግጦ ደወለ፣ ሰው የሞተ መስሎት። በማግስቱ 6:00 AM አደረግኩ። መልእክቱ አጠገብ ትንሽ ሰዓት ታየች፤ እስኪላክ ድረስ ነክቶ ማስተካከልም መሰረዝም ይቻላል። በሰዓቱ ደረሰ።

አሁን የቸገረኝ የእናቴ ስልክ ነው። እሷም በዚሁ መንገድ ለአጎቴ መላክ ትፈልጋለች። ቀስቷን ስይዛት ምንም አይመጣም። የመልእክት አፑ መልኩ ከእኔ ይለያል፣ የስልኩ አምራች የራሱ ይመስላል። መደመር ምልክቷንም፣ ሦስቱን ነጥቦችም ነካክቻለሁ፤ የለም።

ሳልጭን ሌላ መውጫ አለ? ማታ ማታ መብራት ስለሚጠፋ ባትሪዋ ያልቃል። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ጠፍቶ ቢገኝስ፣ ሲበራ ራሱ ይልከዋል ወይስ እኔው ልላከው? የገጠመው ሰው ይንገረኝ።