«ሴንትሮይድ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

የጣና ዳር፦ ሰላም ቤተሰብ። የእህቴ ልጅ እዚሁ ባሕር ዳር ምህንድስና ትማራለች። ደብተሯ ላይ «ሴንትሮይድ» የሚል ቃል አየሁና «መሐል ነጥብ» ብለን እንተርጉመው አልኳት። ሳቀችብኝ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ጊዮን ማዶ፦ የባሕር ዳርን መሐል ከሆነ የምትጠይቀው ጊዮርጊስ አካባቢ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዳር ነው 😄

ጡረተኛው መምህር፦ የሳቀችው «መሐል» ስትል የቁመቱ እኩሌታ ስለሚመስል ነው። ከካርቶን ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ቁረጥ። እኩሌታው 45 ነው፤ ካርቶኑ በጣትህ ላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው ግን ከመሠረቱ 30 ላይ ነው። ከመሠረቱ ጋር ትይዩ አድርገህ በቀጫጭኑ ሸርክተው። እያንዳንዱ ሽርካች ሚዛኑ በራሱ መሐል ነው። እነዚያ መሐሎች ደግሞ ከጫፉ ተነስቶ የመሠረቱን እኩሌታ በሚነካ አንድ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። በሌሎቹ ሁለት ጎኖችም እንዲሁ አድርግ። ሦስቱ መስመሮች አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ እሱ ነው።

ቃል ለቃሚ፦ ገባኝ። ስፋቱን እኩል ለሁለት የሚከፍል ነጥብ ማለት ነዋ! «እኩያ ነጥብ» እንበለው።

ጡረተኛው መምህር፦ ግማሹ ልክ ነው። እነዚያ ሦስት መስመሮች በእርግጥ ስፋቱን እኩል ይከፍላሉ። በነጥቡ በኩል ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ብታሰምር ግን ከላይ 4/9፣ ከታች 5/9 ይሆናል። የላይኛው ስፋቱ ቢያንስም ጫፉ ከነጥቡ ርቆ ይሄዳል። የራቀ ክብደት ጉልበቱ ስለሚበዛ ልዩነቱን ያካክሳል።

ታፔላ ሠሪው፦ ጋሼ፣ ከትርጉሙ ወጣሁ ይቅርታ። ለአንድ ዓሣ ቤት ከላሜራ ግማሽ ክብ ታፔላ ቆረጥን። ራዲየሱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥ ያለው ጎን ወደ ታች። በአንድ ብሎን ነው የሚንጠለጠለው፤ የሐይቁ ንፋስ ሲመጣ እንዲወዛወዝ። ሠራተኛዬ «ሲሶው ላይ ነው» ብሎ 20 ላይ በሳው። ስንሰቅለው ዞሮ ተገለበጠ!

ጡረተኛው መምህር፦ ሲሶ የሦስት ማዕዘን ነው፣ ልጄ። ግማሽ ክብ ወደ ላይ ሲሄድ እንደ ሦስት ማዕዘን ቶሎ አይጠብም፤ ስለዚህ ነጥቡ ከፍ ይላል። ያንተ 25.5 ገደማ ላይ ነው። ብሎኑ ከነጥቡ በታች ስለዋለ ክብደቱ ገለበጠው። ትንሽ ከፍ አድርገህ፣ 28 ላይ ብትበሳው፣ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል።

የጣና ዳር፦ 25.5 ከየት መጣ?

ጡረተኛው መምህር፦ ከዚያው ከሦስት ማዕዘኑ። ግማሽ ክቡን ከቀጥታው ጎን እኩሌታ ጀምረህ እንደ አምባሻ በጣም ቀጫጭን አድርገህ ቁረጠው። እያንዳንዱ ቁራሽ ሦስት ማዕዘን ነው ማለት ይቻላል፤ ሚዛኑም ከሹሉ ጫፍ ሁለት ሦስተኛ ርቀት፣ 40 ላይ ነው። የቁራሾቹን ነጥቦች ስታያይዝ ራዲየሱ 40 የሆነ ቅስት ታገኛለህ። አሁን የቀረን የዚያ ቅስት ሚዛን ነው።

ቅስቱን ደግሞ በጥቃቅኑ በጣጥሰው። የአንዱን ብጣሽ ርዝመት በከፍታው አባዛ። ፀሐይ በአናት ስትሆን ብጣሹ ከታች የሚጥለውን ጥላ በ40 ብታባዛም ያንኑ ታገኛለህ፤ ከፍታው ለ40 ያለው ንጽጽር ጥላው ለብጣሹ ካለው ጋር አንድ ነውና። ጥላዎቹ ሲደመሩ ሙሉውን 80 ይሞላሉ። 40 በ80፣ 3200። ለቅስቱ ርዝመት ለ125.7 ስታካፍለው 25.5 ይመጣል። ባጭሩ 4r/(3π) ነው።

ቃል ለቃሚ፦ ስፋቱን እኩል የሚከፍለው አግድም መስመርስ?

ጡረተኛው መምህር፦ 24.2 ላይ። ተቀራርበዋል፤ ለዚህ ነው ሰው የሚያምታታቸው።

የጣና ዳር፦ እሺ፣ «የሚዛን ነጥብ» እንበለዋ።

ቃል ለቃሚ፦ እኔ አልተዋጠልኝም። ወረቀት ላይ የተሳለ ሦስት ማዕዘን ምን ክብደት አለውና ይመዘናል? ባዶ ቅስት ከሆነ ደግሞ ነጥቡ አየር ላይ ነው፤ ጣት የሚያርፍበት የለም።

ጡረተኛው መምህር፦ አየር ላይ መሆኑ ምንም አይደል። ክብደት የለውም ያልከው ግን ያስኬዳል። እኔ እንኳ ክፍል ውስጥ «ሴንትሮይድ» እያልኩ ነው ጡረታ የወጣሁት።

ታፔላ ሠሪው፦ ጋሼ፣ ዙሪያውን በብረት ዘንግ ልከፍፈው ነው፤ ከታችም ጭምር። 28ቱ ይቀየራል እንዴ?

ጡረተኛው መምህር፦ ዘንጉ ብቻውን ሚዛኑ 23.3 ላይ ነው፤ የታችኛው ዘንግ ይጎትተዋል። ከላሜራው ጋር ሲበየድ በ23.3 እና በ25.5 መካከል ይውላል። የትኛው ጋ እንደሚጠጋ ለማወቅ ሁለቱን ለየብቻ መዝናቸው። ታፔላው አይገለበጥም፣ 28 ላይ ብሳው። ግን ብሎኑ ከነጥቡ በራቀ ቁጥር መወዛወዙ ይቀንሳል፤ ባለ ዓሣ ቤቱ ምን ያህል እንዲወዛወዝለት እንደሚፈልግ ጠይቀው።