«አሁን ስንት ይከፈልሻል?» ሲሉኝ ንግግሩን ወደምፈልገው ደመወዝ እንዴት ላዙረው?

ጠያቂ (አካውንታንቷ)
ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሲኒየር አካውንታንት ነኝ፤ ግሮስ ደመወዜ 19,000 ብር ነው። ካዛንቺስ ያለ ሌላ ድርጅት ለፋይናንስ ቡድን መሪነት ሐሙስ በስልክ ሊያነጋግረኝ ነው። ማስታወቂያው ደመወዙን «በስምምነት» ይላል። 19,000 ብዬ ከተናገርኩ 22 ወይም 23 ሺህ ሰጥተው ትልቅ ጭማሪ አድርገውልኝ እንደሆነ ይቆጥሩታል። እኔ ለዚህ ኃላፊነት ከ32,000 በታች አልሄድም። ሳልዋሽ፣ ሰውም ሳላስቀይም ምን ብዬ ልመልስ? የማመልከቻ ፎርማቸውም «የአሁን ደመወዝ» የሚል ሳይሞላ የማያልፍ ቦታ አለው።

ሠራተኛ ቅጥር
እህቴ፣ «እሱን መናገር አልፈልግም» ብለሽ ብቻ እንዳታቆሚ። የምታነጋግርሽ ልጅ ፊቷ ያለውን ቅጽ መሙላት አለባት፤ ቦታው ባዶ ከቀረ ዞራ እሱኑ ትጠይቅሻለች። ባዶውን የሚሞላ ሌላ ቁጥር ስጫት። ለምሳሌ እንዲህ በያት፦

«አሁን የምሠራው ሥራና ይሄኛው በኃላፊነት ስለሚለያዩ፣ ለዚህ መደብ የምጠብቀውን ብነግርሽ ይሻላል። ግሮስ ከ34,000 እስከ 39,000 ብር አስቤያለሁ። ለቦታው የያዛችሁት በጀት እዚህ ውስጥ ይገባል?»

ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ መልስ የሚጠበቀው ከእነሱ እንዲሆን ያደርጋል። ጠይቀሽ ዝም በይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዝምታው ያስጨንቀውና «ግን መደራደር እንችላለን» ብሎ ራሱ ዋጋውን ያወርደዋል።

መነሻሽ 32 ከሆነ ለምን 34 አልኩ? ቀጣሪ ሁለት ቁጥር ሲሰማ የሚይዘው ዝቅተኛውን ስለሆነ ነው። 32 ብለሽ ከጀመርሽ ድርድሩ ከ32 ወደ ታች ይሆናል። ልዩነቱንም ከ5,000 ብር አታስበልጪው። «ከ25 እስከ 40» ያለ ሰው 25 አለ ማለት ነው።

ደግማ ከጠየቀችሽ ድምፅሽን ሳትቀይሪ፦ «ይገባኛል፤ የአሁኑ ክፍያዬ የተወሰነው ግን በዚያኛው ድርጅት አቅም ነው። በጀታችሁ ካልኩት በታች ከሆነ ንገሪኝ፣ ሁለታችንም እንዳንደክም።»

የፒያሳ ልጅ
መጀመሪያ ነገር መጠየቃቸው ራሱ ሕገ ወጥ ነው። «ሕጉ አይፈቅድላችሁም» በያቸው፤ ወዲያው ይተውታል።

ሠራተኛ ቅጥር
ወንድሜ፣ ያልከው ሕግ አለ፤ ግን እዚህ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች ይከለክላል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 በመመሪያ ከልክሏል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ውስጥ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ሕግ ጠቅሳ ሕጉ ካልተገኘ ቃለ መጠይቁ እዚያው ይበላሻል። ደግሞም መልስ የመስጠት ግዴታ የለባትምና ሕግ መጥቀስ አያስፈልጋትም።

ሒሳብ ክፍል
ግሮስ ይሁን ኔት በግልጽ ካልተባለ ድርድሩ በኋላ ይፈርሳል። አንቺ 34,000 ስትይ ኔት አስበሽ እነሱ ግሮስ ከሰሙ ልዩነቱ ብዙ ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ጡረታ ደግሞ 7 በመቶ። ስለዚህ ከ14,000 በላይ በሚጨመር እያንዳንዱ 1,000 ብር እጅሽ የሚገባው 580 ብር ነው።

ደመወዙ ከ14,000 በላይ ሲሆን ኔቱን ለማግኘት ግሮሱን በ0.58 አባዢና 2,050 ደምሪ። የአሁኑ 19,000 ሲሠራ 13,070 ይሆናል፤ 32,000 ደግሞ 20,610፤ 34,000 ሲሆን 21,770። በልብሽ ያሰብሽው ኔት ከሆነ ወደ ኋላ ሥሪው፦ 2,050 ቀንሺና ለ0.58 አካፍዪ። ለምሳሌ ኔት 24,000 ለማግኘት ግሮሱ ወደ 37,850 መሆን አለበት። ይህ ስሌት ለመነሻ ደመወዝ ነው፤ አበል ሲኖር ጡረታውም ግብሩም ይለያያል። «34 ሺህ ከአበል ጋር ነው» ካሉሽ ስንቱ መነሻ ደመወዝ እንደሆነ እዚያው ጠይቂ።

ጀማሪ ሠራተኛ
አለቃሽ ቢሮ ገብተሽ «ሌላ ቦታ ተጠርቻለሁ» ብትዪው ጭማሪ ያደርግልሻል እኮ፣ ለምን ትለቂያለሽ? እኔ ያለሁት ባንክ ነው፤ ወደ ሌላ ባንክ ባመለክት ይሄ አነጋገር ይሠራል?

ሠራተኛ ቅጥር
ጥያቄዋ ስለ ጭማሪ አይደለም። ያንተን በተመለከተ፣ ማስታወቂያው «በባንኩ ስኬል መሠረት» ካለ ደመወዙን የሚወስነው ደረጃውና እርከኑ ነው፤ «ከዚህ እስከዚህ» ማለት ብዙም አይጠቅምህም። እዚያ የሚያዋጣው «ልምዴ በየትኛው እርከን ያስገባኛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «በስምምነት» ሲል ነው ቁጥር የሚያዋጣው።

ሒሳብ ክፍል
አንድ ነገር ልጨምር፤ በፍጹም 28,000 ነው የሚከፈለኝ ብለሽ እንዳትዋሺ። የሥራ ልምድ ማስረጃሽ ያጋልጥሻል። በአዋጁ መሠረት አሠሪ የሚሰጠው ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ሲከፈል የነበረውን ደመወዝ ይገልጻል። ስለዚህ ዋናው ነገር መቼ እንደምትሰጪ ነው። ከቃለ መጠይቁ በፊት ማስረጃ ቢጠይቁሽ «ኦፈሩ በጽሑፍ እንደደረሰኝ አቀርባለሁ» በያቸው። ደመወዝሽ በጽሑፍ ከተወሰነ በኋላ 19,000ን ቢያዩት እምብዛም አይጎዳሽም። ፔይሮል ላይ ለማስገባትም የድሮው ደመወዝሽ አያስፈልጋቸውም፤ የሚፈልጉት የግብር ከፋይ መለያና የጡረታ ቁጥርሽን ነው።

አካውንታንቷ
በጣም አመሰግናለሁ። ፎርሙስ? ቦታው ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው።

ሠራተኛ ቅጥር
0 ጻፊና አስተያየት መጻፊያው ላይ «የምጠብቀው ግሮስ ከ34,000 እስከ 39,000» በዪ። 34,000ን «የአሁን ደመወዝ» የሚለው ውስጥ እንዳታስገቢ፤ የፈረምሽበት ሐሰት ይሆናል።

ሒሳብ ክፍል
በ0 አልስማማም። አንዳንድ ቦታ በቁጥር ነው የሚለዩት፤ 0 የጻፈ «ሥራ የሌለው» ተብሎ ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ ደውላ «ባዶ ልተወው ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ይሻላል። በሦስተኛ ጊዜ «ካልነገርሽን አንቀጥልም» ካሉም እውነተኛውን ተናግራ ወዲያው የምትጠብቀውን ማስከተል ነው፦ «19,000 ነው፤ ለዚህ ቦታ የምጠብቀው ግን ከ34,000 ጀምሮ ነው፤ እዚህ ቡድን ስለምመራ።»

ሠራተኛ ቅጥር
እኔ ሦስተኛው ላይም አልናገርም እላለሁ፤ በጀቱን እስከዚያ ድረስ የደበቀ ቀጣሪ 19ን ከሰማ በኋላ 34 አይከፍልም። ሌላ የምትጠብቂው ጥሪ ከሌለሽ ግን ሒሳብ ክፍል ያለው መንገድ አለልሽ። ምርጫው ያንቺ ነው። ሐሙስ ከመደወላቸው በፊት ግን 34 እና 39ን፣ አጠገባቸውም ኔታቸውን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፊትሽ አስቀምጪ።