ሦስቴ አንብቤው «ሲመቱ» አመለጠችኝ፣ እናንተ እንዴት ነው የምታርሙት?

የግንቡ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ጎንደሬዎች። አስጎብኚ ነኝ፣ ስለ ፋሲል ግቢና ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ባለ 16 ገጽ ብሮሸር ራሴ ላፕቶፕ ላይ እየጻፍኩ አሳትማለሁ። አምና 500 ኮፒ ካሳተምኩ በኋላ «ጎብኚዎች ወደ ግቢው ሲመቱ» ብሎ ወጣ፣ ሲመጡ ለማለት ነው፣ እስከ ዛሬ ጓደኞቼ «ማን መታቸው?» እያሉ ይስቁብኛል። ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር እኮ! ዘንድሮ ለጥምቀት 1000 ላሳትም ነው። አንዱ ጮክ ብለህ አንብብ ይለኛል፣ አንዱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አንብብ፣ አንዱ ደግሞ በአንድ ዙር አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ፈልግ። የቱ ነው የሚሠራው፣ የቱስ ይቅደም?

ማራኪ
ጮክ ብለህ አንብብ፣ ሌላው ትርፍ ድካም ነው። እኔ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ስጽፍ በሩን ዘግቼ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፣ ምላሴ የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ወይ ቃል ጎድሏል ወይ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።

አዘዞ ነኝ
ወንድምዓለም ዓይንህን ታይተሃል? እኔም እንዳንተ ጣና በራሱ ሲደበዝዝብኝ ከርሞ መነጽር ሳደርግ ተገላገልኩ።

የግንቡ ልጅ
ኧረ ዓይኔ ደህና ነው 😂

የድሮ አራሚ
ልጄ፣ እኔ ማተሚያ ቤት እርማት ላይ ዓመታት የሠራሁ ሴት ነኝ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ማራኪ ያለው ግማሹ እውነት ነው፣ የጎደለ ቃልና የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር ጆሮ ይይዛል። ያንተን «ሲመቱ» ግን ለምን እንዳልያዘ ልንገርህ። በእንግሊዝኛ ፊደል የምንጽፍበት ኪቦርድ ላይ ጠ እና ተ አንድ ቁልፍ ናቸው፣ ልዩነቱ ሺፍት መጫን ብቻ ነው፣ ኝ እና ን፣ ጭ እና ችም እንደዛው። ጣትህ ሺፍት ከሳተ «ሲመጡ» «ሲመቱ» ይሆናል፣ «ነገረኝ» ደግሞ «ነገረን»፣ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸው። አንተ ደግሞ ጽሑፉን ራስህ ስለጻፍከው ምን እንደሚል ታውቀዋለህ፣ አፍህ የሚያነበው ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን የምታስታውሰውን ነው፣ ጮክ ብትልም «ሲመጡ» ብለህ ታልፋለህ።

ሌላው ደግሞ አናባቢው ሳይጫን የቀረ ፊደል ነው፣ ሳድስ ሆኖ ይቀራል። «ሰላም» «ስላም»፣ «ጎንደር» «ጎንድር» ይሆናል። ለዚህ ነው ከኋላ ማንበብ የሚጠቅመው። አትምና በወረቀት ያዘው፣ ከ16ኛው ገጽ የመጨረሻ ቃል ጀምረህ በጣትህ ወይ በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ ቃል እየነካህ ወደ ላይ ውጣ፣ ያልደረስክበትን በካርቶን ሸፍነው። ትርጉሙ ስለሚበጠስ ዓይንህ ፊደሉን ብቻ ያያል። አድካሚ ስለሆነ አራት አራት ገጽ እያደረግክ እረፍ፣ ስትደክም ማለፍ ትጀምራለህ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ቃል በቃል ወደ ኋላ ስትሄድ «ጎብኚዎች መጣ» የሚለውን አትይዘውም፣ ባለቤቱና ግሱ ተራርቀው አታያቸውምና። እንዲያውም «ሲመቱ» ራሷ ለብቻዋ ትክክል ስለሆነች ልታልፍህ ትችላለች፣ ስለዚህ ጠ እና ተ ያለበትን ቃል ሁሉ «ጎረቤቱ ምን ይላል?» ብለህ ግራ ቀኙን እይ።

ማመልከቻ ጸሐፊው
እኔ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ነው የምጽፈው። እኛ ዘንድ ከሁሉ የከፋው ስም ነው፣ አንዴ የተከሳሹንና የከሳሹን የአባት ስም አገላብጬ ጽፌ ባለጉዳዩ በሩ ላይ ይጮህብኝ ነበር። ከዛ ወዲህ ስም ብቻ የማይበት፣ ቀጥሎ ቁጥር ብቻ የማይበት ዙር አለኝ፣ ብሩ በአኃዝና በፊደል እኩል መሆኑን ጭምር።

የግንቡ ልጅ
እትየ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የኔ ትልቁ ችግር ስም ነው፣ አንዱ ገጽ ላይ ዐፄ ሌላው ላይ አፄ፣ አንዱ ላይ ቤተ መንግሥት ሌላው ላይ ቤተመንግስት። እሱን በየትኛው ዙር ነው የማየው?

የድሮ አራሚ
እሱን በጆሮም ከኋላ በማንበብም አታገኘውም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚጮሁ። ለብቻው ዙር ያዝለት። መጀመሪያ በወረቀት ቁራጭ ላይ የመረጥከውን አጻጻፍ ጻፍ፣ አንድ ስም አንድ ጊዜ። ከዛ `Ctrl+F` ተጫንና «ፄ» ብቻ ፈልግ፣ ዐፄውም አፄውም ዓፄውም ይወጣል፣ ቀጥሎ «ጼ» ፈልግ። «መንግሥት»ን ፈልግና ቁጥሩን ያዝ፣ ከዛ «መንግስት»ን። ዲዛይነር ከመውሰዱ በፊት አድርገው፣ ዲዛይን ከሆነ በኋላ ፍለጋው እሺ የማይልባቸው የድሮ ፎንቶች አሉ።

በመጨረሻ አንድ ሰው አጠገብህ አስቀምጥ፣ አንተ ከረቂቁ ጮክ ብለህ አንብብ፣ እሱ የተዘጋጀውን በዓይኑ ይከተል። እኛ ማተሚያ ቤት እንዲህ ነበር፣ ነጥቡን ሳይቀር «አራት ነጥብ»፣ «ነጠላ ሰረዝ» እያልን፣ ፊደል ሲያሳስት ደግሞ «ንጉሡ ሠ»፣ «እሳቱ ሰ»፣ «ዓይኑ ዐ»፣ «ፀሐዩ ፀ» እያልን። ጮክ ብሎ ማንበብ ለሞክሼ ፊደል የሚጠቅመው ያኔ ብቻ ነው።

ማራኪ
እሺ ተሸነፍኩ፣ ግን ለ16 ገጽ ይሄ ሁሉ? ደግሞስ ሠ እና ሰ መለየት በዚህ ዘመን ለማን ይጠቅማል፣ አንዱን መርጦ መጨረስ ነው።

ማመልከቻ ጸሐፊው
ማራኪ፣ ግንቡን ያሠሩትን ንጉሥ በእሳቱ ሰ ጽፈህ ለጎንደር ሽማግሌ አሳየው እስኪ።

የድሮ አራሚ
እሱ ክርክር አያልቅም፣ እኔ ከምታቀላቅለው አንዱን ያዝ ነው የምለው። ልጄ፣ ዓመተ ምሕረቱን ግን ለብቻው አየኸው? ጎንደርን በስንት ተቆረቆረች ብለሃል?

የግንቡ ልጅ
1636 ዓ.ም. ነው ያልኩት። ዩኔስኮ የመዘገበውን ደግሞ 1979 ዓ.ም.።

የድሮ አራሚ
ይኸው! ሁለቱም የፈረንጅ ናቸው። ወይ «እ.ኤ.አ.» በልባቸው ወይ ቀይራቸው፣ 1636 ወደ 1628 ዓ.ም. ይመጣል።

ማራኪ
1979 ሲቀነስ 8፣ 1971 በልና ጨርስ።

የድሮ አራሚ
አይደለም፣ ምዝገባው በጥቅምት ወር ነው፣ አዲሱ ዓመት ገብቷል፣ ስለዚህ 7 ነው የሚቀነሰው፣ 1972። ወሩን ሳታይ 8 አትቀንስ።

የግንቡ ልጅ
ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር ተቀምጠን ጨረስነው። ከኋላ ስናነብ 9 ስህተት ወጣ፣ ስድስቱ ሳድስ ሆነው የቀሩ ናቸው፣ «ስላሴ»ም «ሥላሴ»ም ደግሞ ተቀላቅሎ በፍለጋ ነው የተገኘ። የሚገርመው ሽፋኑን ማንም አላነበበውም ነበር፣ እህቴ ናት ልትተኛ ስትል «ይሄ ትልቁስ?» ያለችኝ፣ በትልቁ «ጎንድር» ይላል። አሁን ዲዛይነሩ ሲያስተካክለው ሌላ እንዳይነካብኝ ፈራሁ፣ እሱ ከነካው በኋላ ሁሉንም 16 ገጽ እንደገና ነው የማነበው ወይስ የተስተካከለውን ብቻ?

የድሮ አራሚ
የተስተካከለውን መስመር፣ ከላዩና ከታቹ ያለውን፣ ደግሞ የገጹን የመጨረሻ መስመር። ቃል ሲረዝም ታች ያለው ይገፋና ይጠፋል።