ጥቆማ፦ አምስት ላለን ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ይሻላል ወይስ የከሰል ምድጃ?

የሚኪ እናት፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ነው የምንኖረው፣ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን። እስካሁን በላቀች ነው የማበስለው። አንድ ኬሻ ከሰል ሦስት ሳምንት ይሄድልኝ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን ሁለት ሳምንት አልሞላም። ትንሹን ልጄን ደግሞ ማታ ማታ ያስለዋል። 1500 ዋት ባለ አንድ ዓይን ስቶቭ ልገዛ አስቤያለሁ። መብራቱ ግን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሄዳል፤ ቆጣሪውም የጋራ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ታታ፦
ልጄ፣ ከሰል እኮ የሚጨሰው ሲቀጣጠል ብቻ ነው። ውጪ አያይዘሽ ፍም ሲሆን አስገቢው፣ ምንም አይልሽም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ነው የሠራሁት። ስትገዢ የግራር ይሁን። የባሕር ዛፉ ቀላል ነው፣ ቡና ሦስተኛው ሳይደርስ አመድ ይሆናል። አንዱን ሰብረሽ ስሚው፤ ጥሩ ከሰል ቅጭል ይላል። ዝም ብሎ ከተፈረካከሰ ውሃ የጠጣ ነው፣ ኬሻው በክብደቱ እንዳያታልልሽ።

ቀበና፦
ታታ፣ በግራሩ እስማማለሁ። በፍሙ ግን አይሆንም። አምና ክረምት ብርድ ነው ብለን ቀይ ፍም አስገብተን በር ዘጋን። ጭስ የሚባል አልነበረም። እኔ ራሴን ሲያመኝ ጉንፋን መሰለኝ። ባለቤቴ ውሃ ልትቀዳ ተነስታ በሩ ላይ ወደቀች። የከሰል ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ውጪ ሲወጣ ደግሞ ከተሻለው ጉንፋን አይደለም። ያኔ መጀመሪያ ሰው ነው የሚወጣው። ሰው ከወደቀ ደግሞ ቶሎ ሐኪም ቤት።

ሪያድ ያለሁት፦
ለእንጀራ ከሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ የመሰለ የለም። እናቴ ከገዛሁላት ወዲህ ዓይኗ አያለቅስም።

መስመር ዘርጊ፦
እህቴ የጠየቀችው ስለ ወጥ ነው። ምጣድ እስከ 4000 ዋት ይስባል፣ የራሱን መስመር ይፈልጋል፤ በተከራየሽው ቤት ሶኬት አትሞክሪው። 1500 ዋቱ ግን 7 አምፒር ያህል ነው የሚስበው። ደህና ሶኬት ይችለዋል። ዲቫይደር ላይ ብቻ አትሰኪው፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሁን። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ነቅለሽ ፕለጉን ንኪው። ለብ ቢል ይሁን፤ ካቃጠለሽ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለው ሶኬቱ ላልቷል።

ሽቦው በግልጽ የሚታየውን የሸክላ ምድጃ ብዙም አልወደውም። ወጥ ሲገነፍልበት ሽቦው ይበጠሳል። ሰው ደግሞ ቆልምሞ ይቀጥለዋል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ብዙ ይስባል፣ ያው ቁልምሙ ላይ መልሶ ይቃጠላል። ድስቱ ሽቦውን ከነካ ደግሞ ማማሰያ የያዘ እጅሽን ያነዝርሻል። ሽቦው የተሸፈነውን ግዢ።

ወጪውን እንደሆነ ከሰው አትጠይቂ። የጎረቤት ስቶቭ ተዋሺ፣ ሌላውን ሁሉ አጥፊና ከማብሰልሽ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን አንብቢ።

የሚኪ እናት፦
ሞከርኩት! ጎረቤቶቼን ለምኜ ሁሉንም አስጠፋሁ፣ ሳቁብኝ። ሽሮና ሩዝ ሠራሁ፣ እስከ መጨረሻው ከፍቼ 50 ደቂቃ ፈጀብኝ። ቆጣሪው 1 ኪሎዋት ሰዓት ጨመረ።

መስመር ዘርጊ፦
ጎበዝ። የተዋስሽው በእርግጥ 1500 ዋት ከሆነ 1.25 መቁጠር ነበረበት። ስለዚህ የሠራው በ1200 ነው ማለት ነው። መብራታችሁ ደካማ ሳይሆን አይቀርም፣ ከ220 ቮልት ወደ 197 ገደማ ወርዶ ይሆናል። ቮልቱ ትንሽ ሲወርድ ሙቀቱ ብዙ ይወርዳል። የዘገየብሽ ለዚያ ይሆናል እንጂ ምድጃው ተበላሽቶ አይመስለኝም። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ሲያበስል ይብሳል፤ ወጡን ቀን ላይ ብትጨርሺው ይሻላል። አሁን በቀን ሁለቴ እንዲህ ካበሰልሽ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያንን በእናንተ ቢል ዋጋ አባዢና ከኬሻው ጋር አስተያዪው። ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እንደሚጨምር አትርሺ፤ በጋራ ቆጣሪ የሌላውም ፍጆታ አንቺ ላይ ይደርሳል።

ታታ፦
መብራት ሲሄድስ? ልጆቹ ጾማቸውን ይደሩ?

የሚኪ እናት፦
ላቀችን አልጥላትም ታታ። ቡናና መብራት የጠፋ ዕለት በረንዳ ላይ፣ በር ከፍቼ። ወጡ በስቶቭ። አንድ ኬሻ ያኔ ወር ተኩል ቢሄድልኝ ይበቃኛል።

የቀረኝ አከራዬ ናቸው። ቢሉን በሰው ቁጥር ነው የሚያካፍሉት፣ ስቶቭ ሲያዩ ደግሞ ጨምሪ ማለታቸው አይቀርም። የራሷን ትንሽ ቆጣሪ ከክፍሏ መስመር ላይ ያስገጠመች አለች? አከራይ በዚያ ንባብ ይስማማል ወይ?

ቀበና፦
የእኛ አከራይ መጀመሪያ እምቢ አሉ። በኋላ ንባቡን ወር በወር አብረን እየጻፍን እሺ አሉ። ያንቺን እንጃ።