ለዲቪደንድ ብዬ ገዝቼ በማግስቱ ሼሩ ወረደ፣ ዶላሬን ማን ወሰደው?

ጀማሪው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ሼር መግዛት ከጀመርኩ ገና ሶስት ወሬ ነው። አንድ ካምፓኒ በሼር 75 ሳንቲም ዲቪደንድ እንደሚሰጥ አየሁ፣ ኤክስ ዴቱ፣ ማለትም ከዛ ቀን ጀምሮ የገዛ ዲቪደንዱን የማያገኝበት ቀን፣ ረቡዕ ስለሚል ማክሰኞ ከሰዓት 40 ሼር በ50 ዶላር ገዛሁ፣ የዕለቱም ገበያ እዛው 50 ላይ ዘጋ። ሀሳቤ 30 ዶላሬን ይዤ ረቡዕ መሸጥ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ስነሳ በ49.30 ከፍቷል፣ ዜና ብፈልግ ምንም የለም፣ 30 ዶላሩም አካውንቴ ውስጥ የለም። ደግሞ ቢወርድ ይሸጥልኝ ብዬ 49.50 ላይ ስቶፕ አስቀምጬ ነበር፣ አልተሸጠም፣ ገብቼ ሳየው 48.75 ይላል! እኔ አልነካሁትም። አሁን ብሸጥ ዲቪደንዱ ይቀርብኛል?

ጋሽ ቲ፦ ልጄ እንዳትሸጥ! ሪከርድ ዴት፣ ካምፓኒው ባለቤቶቹ እነማን እንደሆኑ የሚያይበት ቀን፣ እስኪያልፍ መያዝ አለብህ። ሼር ስትገዛ በስምህ የሚዞረው በሁለተኛው የስራ ቀን ነው፣ ስለዚህ ከሪከርድ ዴቱ ሁለት ቀን ቀድመህ ነበር መግዛት የነበረብህ። ማክሰኞ ገዝተህ ከሆነ እኔ እንጃ፣ አምልጦሃል መሰለኝ።

ባለ ሒሳቡ፦ ጋሽ ቲ ያሉት ድሮ ልክ ነበር፣ ግን ከሜይ 28፣ 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በማግስቱ ነው የሚዞረው። ስለዚህ አሁን ኤክስ ዴትና ሪከርድ ዴት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ላይ ይውላሉ። ማክሰኞ የገዛኸው ረቡዕ በስምህ ይሆናል፣ ዲቪደንዱ ያንተ ነው። አሁን ብትሸጠውም ያንተው ነው፣ ምክንያቱም ዛሬ ካንተ የሚገዛ ሰው ዲቪደንዱ እንደሌለበት አውቆ ነው የሚገዛው። ገንዘቡ የሚገባው ግን ዛሬ ሳይሆን በክፍያው ቀን ነው፣ ካምፓኒው ማስታወቂያ ላይ ተጽፏል፣ ሁለት ሳምንትም ከዛ በላይም ሊሆን ይችላል።

ዋጋው ለምን ወረደ ላልከው፣ ማክሰኞ የገዛኸው ላሟን ከነጥጃዋ ነው፣ ረቡዕ ገበያ የወጣችው ላሟ ብቻዋን ነች። ካምፓኒው ካዝና ውስጥ ካለው ገንዘብ ለእያንዳንዱ ሼር 75 ሳንቲም እንደሚወጣ ቁርጥ ሆኗል፣ እሱም ለማክሰኞዎቹ ባለቤቶች እንጂ ለረቡዕ ገዢ አይደለም፣ ታዲያ የረቡዕ ገዢ 50 ለምን ይከፍላል? ማንም ቁልፍ ተጭኖ አላወረደውም፣ ገዢው ራሱ ነው 75 ሳንቲም ቀንሶ የሚያቀርበው። ባይወርድማ ሁላችንም ማክሰኞ ገዝተን ረቡዕ እየሸጥን ስራ እናቆም ነበር።

ስቶፑ ደግሞ ማንም አልሰረቀህም። ማብቂያ ቀን ሳታበጅለት የምታስቀምጠው የመሸጫ ስቶፕና ከገበያው በታች የምታስቀምጠው የመግዣ ሊሚት በኤክስ ዴቱ ጠዋት በዲቪደንዱ ልክ ይቀነሳሉ። 49.50 ሲቀነስ 0.75፣ ይኸው 48.75። ባይቀነስ ኖሮ ካምፓኒው ምንም ሳይሆን ገና ገበያው ሲከፈት ተሽጦብህ ነበር። እንዳይቀነስ የሚፈልግ ሰው ትዕዛዙን ሲያስገባ `Do Not Reduce` የሚለውን ይመርጣል፣ ግን ሁሉም አፕ ላይ ይሄ ምርጫ አይገኝም።

ጀማሪው፦ እሺ ገባኝ፣ ግን 75 ሳንቲም ከሆነ 49.25 መክፈት አልነበረበትም? 5 ሳንቲሙስ?

ባለ ሒሳቡ፦ የቀኑ ገበያም አብሮ አለ እኮ። 75ቱ ይቀነስና ከዛ ላይ እንደማንኛውም ቀን ይወጣል ይወርዳል። 75 ሳንቲም በ50 ዶላር ሼር ላይ 1.5 በመቶ ነው፣ ተራ ቀን እንኳን ያን ያህል ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ ስለዚህ ባንድ ቀን አይተህ ልክ ወረደ አልወረደ ማለት አትችልም።

ጋሽ ቲ፦ እኔ ግን ለብዙ አመት ሳየው ሙሉውን አይወርድም፣ ሁሌ ትንሽ ያንሳል። ታክስ ስላለበት ነው ይላሉ፣ 75 ሳንቲም ዲቪደንድ እጅህ ሲገባ 75 አይሆንማ።

ባለ ሒሳቡ፦ እሱ ላይ አልከራከርዎትም ጋሼ፣ ባለሙያዎቹም አልተስማሙበትም።

የፒያሳዋ፦ እኔ እንኳን አዲስ አበባ የአንድ ባንክ ሼር አለኝ፣ ዲቪደንድ ተከፍሎኝ ሼሩ ግን አምስት ሳንቲም ቀንሶ አያውቅም፣ 1000 ብር ነው ያው 1000 ብር። እናንተ ጋ ለምን ይወርዳል? አልገባኝም

ባለ ሒሳቡ፦ እህቴ ያ 1000 ብር ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ነው፣ በየቀኑ የሚገበያዩበት ዋጋ አይደለም። እስቲ አስታውሺ፣ በአመቱ አጋማሽ ከባንኩ አዲስ ሼር ገዝተሽ ከሆነ ሙሉ ዲቪደንድ አልሰጡሽም አይደል? ከከፈልሽበት ቀን እስከ ሰኔ 30 ቆጥረው ነው የሚሰጡት። እዚህ ገበያ ላይ ማንም ቀን አይቆጥርም፣ ትናንት የገዛም ከአስር አመት በፊት የገዛም እኩል 75 ሳንቲም ነው የሚያገኘው። እናንተ ጋ ቀን በመቁጠር የሚስተካከለው እዚህ በዋጋው መውረድ ይስተካከላል።

የፒያሳዋ፦ አዎ ልክ ነህ፣ የመጀመሪያው አመት ግማሹን ነው የሰጡኝ፣ ያን ጊዜ ተጣልቻቸው ነበር 😂 አሁን እነ ወጋገን የአዲስ አበባው ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ላይ ገብተዋል፣ እዛስ እንዴት ሊሆን ነው?

ናይት ሺፍት፦ ይሄማ ምን አላት፣ እኔ ኤንቪዲያ ላይ ልቤ ቀጥ ሊል ነበር። ጁን 7፣ 2024 አርብ 1208.88 ላይ ዘግቶ ሰኞ ጠዋት ከስራ ስመለስ 120 ምናምን። ስፕሊት መሆኑን ሰምቻለሁ ግን አፑ የሼሩን ቁጥር ቶሎ አልቀየረልኝም ነበር፣ 3 ሼር በ120 ብሎ ሲያሳየኝ 90 በመቶ ከስሬያለሁ ብዬ ቁጭ። ወደ ቀትር ነው 30 ሼር ያለኝ። ደግሞ 10 ሳንቲም ዲቪደንድ ብለው 1 ሳንቲም ሰጡኝ፣ እሱን እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም

ባለ ሒሳቡ፦ ሃሃ ወንድሜ እሱን ይቅር በላቸው፣ 10 ሳንቲሙ ለድሮው ሼር የተነገረ ነው፣ አንዱ አስር ሲሆን 1 ሳንቲም በአስር ያው 10 ሳንቲም። እንደውም በፊት 4 ሳንቲም ነበር፣ ጨምረውልሃል። ስፕሊት ከዲቪደንድ የሚለየው ከካምፓኒው ምንም ነገር ስለማይወጣ ነው፣ መቶ ብርህን በአስር አስር መመንዘር ነው። 1208.88 ለ10 ሲካፈል 120.89፣ የሰኞው ገበያ የሚለካው ከዚህ ተነስቶ ነው። አሁን ቻርቱን ከፍተህ የጁን 7ን ዋጋ ብታይም 120.89 ነው የሚልህ፣ 1208 የሚባል ነገር አታገኝም፣ የድሮውን ሁሉ ለ10 አካፍለውታል።

ሰው የሚያደናግረው የስፕሊቱ ሪከርድ ዴት ጁን 6 መሆኑ ነበር፣ ጁን 7 የገዛ አምልጦኛል ብሎ ይደነግጣል። አያመልጠውም። በስፕሊት ጊዜ ወሳኙ ቀን ሪከርድ ዴቱ ሳይሆን በአዲሱ ዋጋ መገበያየት የሚጀመርበት ነው፣ እሱ ደግሞ ጁን 10 ነበር። እስከዛ የገዛ በድሮው ዋጋ ስለከፈለ አስሩም ሼር ይከተለዋል።

ጀማሪው፦ እኔ በ49.35 ሸጥኩት። 26 ዶላር ከሰርኩ፣ 30 ስትመጣ 4 ዶላር ተረፈችኝ ማለት ነው?

ጋሽ ቲ፦ በ30ው ላይ ታክስ አለብህ! 22 በመቶ ውስጥ ከሆንክ 6.60 ነው፣ ስለዚህ ከስረሃል።

ባለ ሒሳቡ፦ ግማሹ ልክ ነው። ሼሩን የያዘው አንድ ቀን ስለሆነ ዲቪደንዱ የታክስ ቅናሹን አያገኝም፣ ለዛ ኤክስ ዴቱን መሀል አድርጎ ባለው 121 ቀን ውስጥ ከ60 ቀን በላይ መያዝ ነበረበት። ግን 26ቱ ኪሳራም ከገቢው ላይ ይቀነስለታል፣ በ30 ቀን ውስጥ ያንኑ ሼር መልሶ ካልገዛ። 30 ሲቀነስ 26፣ በ4 ዶላር ላይ 22 በመቶ፣ 88 ሳንቲም፣ የስቴቱን ሳይጨምር። እጅህ ላይ 3 ዶላር ከ12 ይቀራል። እሷም የቀኑ ገበያ የሰጠህ 10 ሳንቲም በ40 ነች እንጂ ከዲቪደንዱ የመጣች አይደለችም።

ጀማሪው፦ በ3 ዶላር ማኪያቶም አይገኝ

ናይት ሺፍት፦ ቆይ እኔም የሌላ ካምፓኒ ስቶፕ አለኝ ገብቼ ሳየው 2 ሳንቲም ቀንሷል፣ ስንት ጊዜ ሳላይ አልፌው ይሆን