የሒሳብ ጥያቄ በደበዘዘ ፎቶ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይጠየቅ?

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለሰፈሬ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በቴሌግራም ሒሳብ አስረዳለሁ። ትናንት ማታ አንዲት ተማሪ በላከችልኝ ፎቶ ላይ የስልኳ ጥላ ወድቆበታል። የሚነበበው `x² □ 5x □ 6 = 0` ብቻ ነው፤ በሣጥን ያመለከትኋቸው ሁለት ምልክቶች በጥላው ውስጥ ጠፍተዋል። ከእኩልታው በታች ያለው መስመር ተቆርጧል፣ ምርጫዎቹም አልተነሡም። ደንግጬ ስምንት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ላክሁላት፤ ከዚያ ወዲህ ዝም አለች። ፈተናዋ ከነገ ወዲያ ነው። መሥራት ከመጀመሬ በፊት የግድ መጠየቅ ያለብኝ የትኛውን ነው? የትኛውስ ቢቀር ይሻላል?

መሐንዲሱ

ወንድሜ፣ ልጅቷን ባታስጨንቃት ጥሩ ነው። እኔ ለእህቴ ልጆች ሳስጠና የማደርገው ይህን ነው፦ ምልክቱ ካልታየኝ ሁለቱንም እሞክራለሁ። አንደኛው ንባብ ሙሉ ቁጥር ይሰጣል፣ ሌላው በሥር ምልክት የታጠረ አስቀያሚ ቁጥር ያመጣል። የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ ልጆች እንዲሠሩት ታስቦ የተዘጋጀ ስለሆነ ሙሉ ቁጥር የሰጠው ንባብ ትክክለኛው ነው። ምርጫ ካለ ደግሞ ያገኘሁትን ከምርጫዎቹ ጋር አስተያያለሁ። ብዙ ጊዜ ምንም መጠየቅ አያስፈልግም።

የሒሳብ መምህርት

መሐንዲሱ የተናገሩት ዘዴ በብዙ ጥያቄ ላይ ይሠራል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። በዚህ ጥያቄ ላይ ግን ይጥላል፣ የሚጥለውም በአጋጣሚ አይደለም። እስቲ አራቱንም ንባቦች በወረቀት ላይ ሞክሯቸው። `x² − 5x + 6 = 0` ከሆነ መፍትሔዎቹ 2 እና 3 ናቸው። `x² − 5x − 6 = 0` ከሆነ 6 እና −1። `x² + 5x + 6 = 0` ከሆነ −2 እና −3። `x² + 5x − 6 = 0` ከሆነ 1 እና −6። አራቱም ሙሉ ቁጥር፣ አራቱም ያማሩ ናቸው። መጽሐፍ አዘጋጆችና መምህራን እነዚህን ቁጥሮች የሚወዷቸው ምልክቱ ቢቀያየርም ስለሚፈቱ ነው። ስለዚህ የመልሱ ማማር እዚህ ላይ ምንም አይነግረንም።

አሁን ወደ ጠያቂው ልመለስ። ከስምንቱ ጥያቄዎችዎ መጀመሪያ መላክ የነበረበት ስለ ምልክቶቹ ሳይሆን ስለ ተቆረጠው መስመር የሚጠይቀው ነው። ምክንያቱን ላሳይዎት። መስመሩ «የመፍትሔዎቹ ድምር ስንት ነው?» የሚል ቢሆን ከ6 በፊት ያለው ምልክት ምንም ሚና የለውም፤ ከ5 በፊት መቀነስ ካለ ድምሩ 5 ነው፣ መደመር ካለ −5 ነው። «ብዜታቸው ስንት ነው?» የሚል ቢሆን ደግሞ የመካከለኛው ምልክት አያስፈልግዎትም፤ የሚወስነው የመጨረሻው ብቻ ነው። መስመሩ «መፍትሔዎቹን ፈልግ» ካለ ግን ሁለቱንም ማወቅ ግድ ይሆናል። የተቆረጠው መስመር እስኪታወቅ ድረስ ከሁለቱ ምልክቶች የትኛው እንደሚፈለግ እንኳ አናውቅም። ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው በጥላው ላይ ስለሆነ ስለ ጥላው ይጠይቃል፤ ፎቶው ውስጥ ጨርሶ ያልገባውን ይረሳዋል።

በዚያው መልእክት ላይ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ቢጨምሩበት መልካም ነው። ከታተመ መጽሐፍ ከሆነ የገጽና የመልመጃ ቁጥር ከፎቶ ይበልጣል፤ መጽሐፉን ከፍተው ራስዎ ያነቡታል። ሆኖም የሽፋኑን ፎቶ አብራ እንድትልክ ይንገሯት፤ የቀድሞውና የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የዘጠነኛ ክፍል መጻሕፍት አንድ ስላልሆኑ በገጽ ቁጥር ብቻ ሄደው ሌላ ጥያቄ ሊሠሩ ይችላሉ። ከሰሌዳ ላይ የገለበጠችው ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይለያል። ፎቶው እንደ መስታወት ቢጠራ እንኳ ስትገለብጥ ተሳስታ ሊሆን ስለሚችል የጓደኛዋን ደብተር እንድታይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እናት፣ ከሪያድ

እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ ልጄ ደሴ ከአያቱ ጋር ነው የሚማረው። ጥያቄ ሲከብደው ፎቶ ይልክልኛል፣ እኔ ደግሞ አብራኝ ለምትሠራ ሒሳብ ለምታውቅ እህት አሳያታለሁ። አንድ ጊዜ 3 ላይ በአርቢነት የተጻፈው −2 ነበር፤ ፎቶው ሲደርሰን ግን ትንሿ የመቀነስ ምልክት ጠፍታ 2 ብቻ ቀረ። እርሷም 9 ብላ ሠራች፣ ልጄም 9 ብሎ አስረከበ፤ መልሱ ለካ አንድ ዘጠነኛ ኖሯል። ልጄ በጣም አዘነ፣ እኔም ከእርሱ ብሼ አዘንሁ።

ከዚያ ወዲህ በቴሌግራም ስትልክ በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ላክ ብዬዋለሁ፤ በፎቶ መልክ ሲላክ ይጨመቅና ጥቃቅኑ ነገር ይደበዝዛል። ማታ አምፖሉ ከጀርባው እንዳይሆን፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ፣ ደብተሩም ተዘርግቶ እንዲተኛ ነግሬዋለሁ። ለተማሪዎ ይህን ቢነግሯት ጥላው ይቀራል ብዬ ነው።

የሒሳብ መምህርት

እህቴ፣ የጠያቂው ጉዳይ ፎቶው ከመጣ በኋላ ምን ይጠየቅ የሚል ነበር፤ ያመጡት ምሳሌ ግን ለዚሁ ይጠቅማል። ድብዝዝታ መጀመሪያ የሚበላው ትንንሹን ነው፦ አርቢን፣ የአርቢን ምልክት፣ የአሥርዮሽ ነጥብን፣ ከቁጥር በላይ የምትቀመጠውን የዲግሪ ክብ። ጥላ ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ሳይመርጥ በወደቀበት ቦታ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል፤ ስለዚህ የጎደለው የት ቦታ እንደሆነ ይታወቃል። ለእኔ የበለጠ የሚያስፈራኝ ድብዝዙ ነው፤ የጎደለ ነገር እንዳለ እንኳ አያሳይምና። የሪያዷ እህት ፎቶ ላይ 3² ሙሉ ሆኖ ይነበብ ስለነበር ማንም የሚጠይቅ አልነበረም። ደብዛዛ ፎቶ ሲደርሰኝ ሁሉም የተነበበኝ ቢመስለኝም «በ3 ላይ ከፍ ብሎ የተጻፈውን በትልቁ ጽፈህ ላክልኝ» እላለሁ።

አጠያየቁን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። «ከ6 በፊት ያለው መደመር ነው አይደል?» ብለው አይጠይቁ። የእኛ ልጆች አስተማሪ የተናገረውን ለመቃረን ይከብዳቸዋል፤ መጽሐፉን ሳያዩ «አዎ» ይላሉ። እኔ በክፍሌ ብዙ ጊዜ ደርሶብኛል፤ ምልክቱን እኔው ነግሬያቸው እነርሱ መልሰው ለእኔ ያጸድቁልኛል። «ከ6 በፊት ምን ምልክት አለ? እኩልታውን በእጅሽ በትልቁ ጻፊና ላኪልኝ» ሲባሉ ግን ወደ መጽሐፉ ለመመለስ ይገደዳሉ።

አስጠኚ፣ ከአዲስ አበባ

በመምህርቷ አብዛኛው ሐሳብ እስማማለሁ። ጊዜ ሲያጥር ግን እኔ ሌላ መንገድ እከተላለሁ። ተማሪው መልስ ካልሰጠኝና የቀረው አንድ ምልክት ብቻ ከሆነ ሁለቱንም ሠርቼ «መደመር ከሆነ ይህ፣ መቀነስ ከሆነ ያ» ብዬ እልካለሁ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ላለ ልጅ አንድ ምልልስ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚደርስ ትክክለኛ ጥያቄ ምን ይረባዋል?

የሒሳብ መምህርት

ሁለት ንባብ ሲሆን ገባኝ፤ እንደዚህኛው አራት ሲሆን ግን አይሆንም። በሁለቱም ላይ ቢሆን የምሰጋው ልጁ መጀመሪያ የተጻፈውን ገልብጦ ሁለተኛውን ሳያነበው እንዳይቀር ነው።

አስጠኚ፣ ከአዲስ አበባ

የእኔ ተማሪዎች ሁለቱንም ጎን ለጎን ሲያዩ ምልክቱ መልሱን እንዴት እንደሚቀይረው ይገባቸዋል። በዚህ ላይ ልዩነታችን ይቆይ።

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ስምንቱን ጥያቄዎች አጥፍቼ ሁለት ብቻ ላክሁላት፦ ከእኩልታው በታች ያለውን መስመር እንዳለ እንድትጽፍልኝና ከየት እንዳገኘችው እንድትነግረኝ። በሩብ ሰዓት ውስጥ መለሰች። ለካ ትናንት ዝም ያለችው ከስምንቱ በየትኛው እንደምትጀምር ግራ ገብቷት ነው። ጥያቄው መምህራቸው ካባዙላቸው ወረቀት ነው፤ የተቆረጠው መስመር ደግሞ የመፍትሔዎቹን ካሬዎች ድምር የሚጠይቅ ሆነ።

ይህን ስሰማ ተቀምጬ አሰብሁበት። ድምሩ 5 ቢሆን ወይም −5 ካሬው 25 ነው። ከ25 ላይ የብዜቱን እጥፍ ስንቀንስ የካሬዎቹን ድምር እናገኛለን። ስለዚህ የመካከለኛው ምልክት ከጥላው ባይወጣም ግድ የለኝም። የመጨረሻው መደመር ከሆነ 25 − 12 = 13 ይሆናል፣ መቀነስ ከሆነ 25 + 12 = 37። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እንደተመከርሁትም ምልክቱን ሳልጠቁም በእጇ እንድትጽፍልኝ ጠየቅሁ። በእስክሪብቶ ጽፋ የላከችው `x² − 5x + 6 = 0` ነው። መልሱ 13 ሆነ፤ በ2 እና በ3ም ስናረጋግጠው 4 + 9 ነው።

መሐንዲሱ

አራቱም ሙሉ ቁጥር እንደሚሰጡ አላስተዋልሁም ነበር፤ መምህርት፣ ትክክል ነዎት። ግን ምርጫዎቹን ብታይስ ኖሮ መልሱን አታገኘውም ነበር?

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር

በኋላ ምርጫዎቹንም ላከችልኝ፤ 5፣ 13፣ 25 እና 37 ናቸው። ሁለቱም መልሶች ተቀምጠዋል።

የሒሳብ መምህርት

አዎ፣ ምርጫ ስናወጣ እንዲህ ነው የምናደርገው። 37 የተቀመጠው በምልክት ለሚሳሳት ተማሪ ነው፣ 25 ደግሞ የብዜቱን እጥፍ መቀነስ ለሚዘነጋ። ስለዚህ ምልክቱን በትክክል ያላነበበ አስጠኚም መልሱን ከምርጫዎቹ መካከል አግኝቶ ልቡ ያርፋል። ምርጫ የሚረዳው ያገኙት ቁጥር ከመካከላቸው ሲጠፋ ነው፤ ያን ጊዜ ንባቡ ወይም ሥራው አንድ ቦታ እንደሳተ ይታወቃል።

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር

አንድ ሌላ አስቸጋሪ ፎቶ አለኝ። የጂኦሜትሪ ሥዕል ነው፤ በአንዱ ማዕዘን ላይ የምትታየው ትንሽ ጥቁር ነገር የ90 ዲግሪ ምልክት ትሁን የወረቀቱ እጥፋት ጥላ መለየት አልቻልሁም። ተማሪውን ብጠይቀው «ዘጠና ይመስላል» ይላል፤ እርሱም የሚገምት ይመስለኛል።

አስጠኚ፣ ከአዲስ አበባ

በሥዕል ላይ «በእጅህ ጻፍልኝ» የሚለው ብዙም አይሠራም፤ ልጁ ሲስለው የመሰለውን ያስገባል። እኔ ወረቀቱን በግማሽ ዙር አዙሮ እንደገና እንዲያነሣው እጠይቃለሁ። የታተመ ምልክት ከሆነ ከወረቀቱ ጋር ዞሮ በማዕዘኑ ላይ እንደነበረ ይቀመጣል፤ ጥላ ከሆነ ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ስለሚለወጥ ቦታውን ወይም መልኩን ይቀይራል። እጥፋቱ ራሱ ጥቁር መስመር ጥሎበት ከሆነ ግን ይህም ላይለየው ይችላል። ለእርሱ የሚሆን ዘዴ እስካሁን አላገኘሁም፤ ያላችሁ ካላችሁ አካፍሉን።